ለነገ ስንት ዳቦ እንጋግር? ከመትረፍና ከማለቅ መካከል ትክክለኛውን ቁጥር ማግኛ መመሪያ

እህቴ አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ዳቦ ቤት አላት። ማታ ማታ ሊጥ ከመቦካቱ በፊት አንድ ጥያቄ ትጠየቃለች። "ለነገ ስንት ትሪ?" ለብዙ ጊዜ መልሷ አንድ ነበር፤ "12"። በአንድ ትሪ ላይ 30 ዳቦ ስለሚገባ 360 ዳቦ ማለት ነው።

ለምን 12 እንደሆነ ስጠይቃት "ተርፎ ከማየው ቢያልቅ ይሻለኛል" አለችኝ። ይገባኛል። ያደረ ዳቦ ዓይን ላይ ይቀራል። ጠዋት መደርደሪያው ላይ ታየዋለህ፣ ትቆጥረዋለህ፣ ያናድድሃል።

አንድ ቀን ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ እሷ ጋ ቁጭ ብዬ ሳለ አንድ ልጅ ፌስታል ይዞ መጣ። "እትዬ፣ አራት ዳቦ።" "አልቋል ማሙሽ።" ልጁ ምንም አላለም፤ ዞሮ አስፋልቱን ተሻግሮ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ገባ። ያ ጉዳት የትም አይታይም። መደርደሪያ ላይ አያድርም፣ ደብተር ላይም አይጻፍም። የሚታየው ጉዳት የማይታየውን ሲሸፍነው ነው ቁጥሩ የሚሳሳተው።

ይህ ጥያቄ በሒሳቡ ዓለም "የጋዜጣ አዟሪው ችግር" ይባላል። አዟሪው ጠዋት ስንት ጋዜጣ ይውሰድ? የዛሬ ጋዜጣ ነገ ጋዜጣ አይደለም፤ ካነሰው ደግሞ ገዢ ይመለስበታል። የሐሳቡ መነሻ እንዲያውም ባንክ ነው። በ1888 ኤጅዎርዝ የተባለው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አንድ ባንክ ለገንዘብ አውጪዎች ስንት ጥሬ ገንዘብ ማስቀመጥ እንዳለበት ሲያሰላ በዚሁ መንገድ ሄዷል። ለዳቦ ግን ልክ የተሰፋ ይመስላል፤ አንዴ ይወሰናል፣ አንድ ቀን ይሸጣል፣ ማታ ይዘጋል።

ከእህቴ ጋር ያደረግነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ቁጥሮቹ የእሷ ዳቦ ቤት ናቸው፤ አንተ የራስህን ትተካለህ።

1. አንዲት ተጨማሪ ዳቦ ምን ታስወጣለች?

ዳቦዋ 10 ብር ነው የሚሸጠው። "አንዱ ስንት ይፈጅብሻል?" ስላት "7 ብር" አለች። ይህን 7 ብር ፈታታነው። ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ዘይት፣ ፌስታልና የምድጃው መብራት ተደምረው 5 ብር ይሆናሉ። ቀሪው 2 ብር የቤት ኪራይና የሠራተኛ ደሞዝ ለእያንዳንዱ ዳቦ ሲካፈል የሚደርሰው ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። 12 ትሪ ተጋገረ 13፣ ኪራዩ ያው ነው። ደሞዙም ያው ነው። ስለዚህ "አንድ ትሪ ልጨምር ወይስ ልተው?" ለሚለው ጥያቄ ኪራይና ደሞዝ ምንም አይናገሩም። የዳቦ ቤቱ ሥራ በአጠቃላይ ያዋጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ ግን ወሳኝ ናቸው። ሁለቱን ጥያቄዎች አትቀላቅል። ለዕለቱ ውሳኔ የሚቆጠረው ዳቦው በመጋገሩ ብቻ የሚወጣው ወጪ ነው፤ እሱም 5 ብር ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ተጨማሪው ትሪ ምድጃውን ለሌላ ዙር የሚያስነሳ፣ ወይም ሠራተኛውን ትርፍ ሰዓት የሚያሠራ ከሆነ ያ ወጪ ይቆጠራል። የእህቴ ምድጃ 16 ትሪ በአንድ ሌሊት ያለ ችግር ስለሚያወጣ እኛ ጋ አልመጣም።

2. ሁለቱን ጉዳቶች ጻፍ

የመጀመሪያው የማነስ ጉዳት ነው። ገዢ መጥቶ ዳቦ ሲያልቅ ስንት ብር አመለጠህ? መሸጫው 10፣ ወጪው 5፤ ያመለጠህ 5 ብር ነው።

ሁለተኛው የመትረፍ ጉዳት ነው። ዳቦ ቢያድር ስንት ብር ከሰርክ? ያደረውን ዳቦ ከብት የሚያደልብ ሰው በ2 ብር ይወስድላታል። 5 አውጥታ 2 አገኘች፤ ጉዳቷ 3 ብር ነው።

ለተረፈው ዳቦ ዋጋ ስትሰጥ ተጠንቀቅ። ያደረ ዳቦ ጠዋት በግማሽ ዋጋ እዚያው መደርደሪያ ላይ የሚሸጥ ሰው "5 ብር አገኘሁበት" ይላል። ግን ያንን ከገዙት ውስጥ ገሚሶቹ ትኩሱን ሊገዙ የመጡ ናቸው። ርካሹን ሲያዩ ትኩሱን ተዉት። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ገዢ ከትኩሱ ዳቦ ሊገኝ የነበረውን 5 ብር ይዞ ይሄዳል። ከሁለት ገዢ አንዱ እንዲህ ከሆነ ያደረው ዳቦ ያስገኘው 5 ብር ሳይሆን 2 ብር ከ50 ብቻ ነው። ለሌላ ገበያ የሚሄድ፣ ለምሳሌ ለመኖ የሚሸጥ ከሆነ ግን ይህ ችግር የለም።

3. የሚዛን ቁጥሩን አስላ

ሒሳቡ ይህችው ናት።

```
የሚዛን ቁጥር = የማነስ ጉዳት ÷ (የማነስ ጉዳት + የመትረፍ ጉዳት)
           = 5 ÷ (5 + 3)
           = 0.625
```

ምን ማለት ነው? ከ100 ቀን ውስጥ በ62 ወይም 63 ቀን የሚመጣውን ገዢ ሁሉ የሚያስተናግድ፣ በቀሩት ቀናት ግን የሚያልቅ ያህል ጋግር ማለት ነው።

እህቴ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። "ከሦስት ቀን አንዱን ባዶ መደርደሪያ?" አዎ። አንዳንድ ቀን ማለቁ ጥፋት አይደለም፤ ሁልጊዜ እንዳያልቅ መጋገር ከዚያ የበለጠ ያስከፍላል። ምን ያህል እንደሚያስከፍል ወረድ ብለን በብር እናየዋለን።

በአሮጌው ሒሳቧስ? ወጪው 7 ነው ብላ ብታሰላ የማነስ ጉዳቷ 3፣ የመትረፍ ጉዳቷ 5 ይሆናል። 3 ለ 8 ሲካፈል 0.375። ይህን ቁጥር ያዝልኝ፤ እንመለስበታለን።

4. የተሸጠውን ሳይሆን የተፈለገውን ቁጠር

ከሁሉም ክፍል ጊዜ የወሰደብን ይህ ነው፤ የሚገባውም ነበር።

የእህቴ ደብተር ላይ ያለው የሽያጭ ቁጥር ነው። 360 ጋግራ 360 ከሸጠች "360" ብላ ትጽፋለች። ግን ያን ቀን ስንት ሰው ዳቦ ፈልጎ ነበር? 360 ሊሆን ይችላል፣ 470ም ሊሆን ይችላል። ደብተሩ ልዩነቱን አያውቅም። ያ ፌስታል ይዞ የመጣው ልጅ ደብተሩ ላይ የለም።

ስለዚህ ለአራት ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በጠቅላላው ለ20 ቀን ሁለት ነገር እንድትመዘግብ አደረግን።

አንደኛው ያለቀበት ሰዓት ነው። ዳቦ በተረፈባቸው ቀናት ሽያጩ በየሰዓቱ እንዴት እንደሚሄድ አየን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተከፍቶ ማታ 2 ሰዓት ሲዘጋ፣ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ ከቀኑ ሽያጭ ከ100 ውስጥ 90 ያህሉ ይሄዳል። እንግዲህ 360 ዳቦ ልክ 12 ሰዓት ላይ ካለቀ፣ ያ 360 የቀኑ 90 በመቶ ነው። 360ን ለ0.9 ስታካፍል 400 ይመጣል። የዚያ ቀን ፍላጎት 400 ገደማ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ነው። ካለቀ በኋላ ለመጣ ሰው ሁሉ ስንት ሊገዛ እንደነበር እየጠየቀች በካርቶን ላይ ሰረዝ ታሰምራለች። ይህኛው ብቻውን አይበቃም። መደርደሪያው ባዶ መሆኑን ከሩቅ ዓይቶ የሚያልፈው ሰው አይቆጠርም። ሰዓቱን ለማመሳከር ግን በጣም ይጠቅማል፤ ሁለቱ በጣም ሲለያዩ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው።

በዚህ መንገድ የተገመተው የ20 ቀን ፍላጎት፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደር ይህን ይመስላል። ግምት ስለሆነ ወደ አምስት አምስት አጠጋግተነዋል።

```
310  325  330  340  345
350  355  360  365  370
375  380  390  395  400
410  420  430  445  470
```

አማካዩ 378 ነው። የሽያጭ ደብተሩ ቢሆን ኖሮ ከ360 በላይ ያለውን ሁሉ 360 እያለ 352 የሚል አማካይ ይሰጥ ነበር። አሁን አንድ ጠንቃቃ ሰው "አማካይ ሽያጬ 352 ነው፣ እንግዲህ 352 ልጋግር" ቢልስ? በእነዚሁ 20 ቀናት ፍላጎት 352 ቢጋገር አማካይ ሽያጩ ወደ 346 ይወርዳል። "ገበያ ቀዘቀዘ" ብሎ ደግሞ 346 ይጋግራል። ገበያው አልቀዘቀዘም። እሱ ነው በራሱ እጅ የሚያሳንሰው። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየቀነሱ "ሰፈሩ ዳቦ መብላት ተወ" የሚሉ ሰዎችን ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ "ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያልቅብህ?" የሚለው ነው።

ለምን ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ? ቅዳሜና እሑድ ሌላ ዓይነት ቀን ስለሆነ ነው። የዓመት በዓል ዋዜማም እንዲሁ፤ ብዙ ቤት ድፎ ዳቦ የሚደፋበት ቀን ከተራ ማክሰኞ ጋር አንድ መዝገብ ውስጥ አይገባም። በሁዳዴ ደግሞ ጠዋት የሚሸጠው ቀንሶ ከሰዓት በኋላ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ "እስከ 12 ሰዓት 90 በመቶ" የሚለው መለኪያም ይቀየራል። ለእያንዳንዱ ዓይነት ቀን የራሱን ገጽ ስጠው። እንዲሁም ሱቆች አስቀድመው ያዘዙትን ዳቦ ከዚህ ቁጥር አውጣ፤ የታዘዘ ነገር አይገመትም። ሱቁ ያልሸጠውን የሚመልስልህ ከሆነ ግን ትዕዛዝ አይደለም፤ ስጋቱ ያንተው ነው፤ እዚሁ ቁጠረው።

5. ቁጥሩን አንሳ

አሁን ሥራው አልቋል ማለት ይቻላል። 20 ቀን አለን፣ የሚዛን ቁጥሩ 0.625 ነው። 20 ሲባዛ በ0.625፣ 12.5። ወደ ላይ አጠጋጋው፣ 13። ከተደረደሩት ውስጥ 13ኛው ስንት ነው? 390።

በኤክሴል ለምትሠሩ፣ ፍላጎቱ ከ`A2` እስከ `A21` ከተጻፈ ቀመሩ ይህ ነው። መደርደር እንኳ አያስፈልግም።

```
=SMALL(A2:A21,ROUNDUP(COUNT(A2:A21)*0.625,0))
```

390 ዳቦ ማለት ልክ 13 ትሪ ነው። ለእህቴ አንድ ትሪ መጨመር ብቻ ነው። ቁጥሩ ከትሪው ጋር ባይገጥም ኖሮ የሁለቱን አጎራባች ትሪዎች ትርፍ አስልተን የሚሻለውን እንወስድ ነበር።

አሁን ወደ 0.375 እንመለስ። 20 በ0.375 ሲባዛ 7.5፣ ወደ ላይ 8። 8ኛው ቁጥር 360 ነው። የእህቴ 12 ትሪ! ኪራይና ደሞዝን እዚህ ሒሳብ ውስጥ ያስገባ ሰው የሚደርስበት ቁጥር ራሱ። በልምድ የያዘችው ቁጥር እንዲሁ የመጣ አልነበረም። ከውስጧ ያለው "ዳቦ 7 ብር ይፈጅብኛል" የሚለው ስሜት ነበር የሚወስንላት።

ለምን 390 ላይ ይቆማል?

ቀመሩን አምኖ መቀበል አንድ ነገር ነው፤ ማየት ሌላ። እህቴ ያመነችው አንዷን ዳቦ ለይተን ስንከተላት ነው።

390ኛዋን ዳቦ ያዝ። የምትሸጠው ፍላጎቱ 390 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ቀን ብቻ ነው። ከ20ው ቀን 8ቱ እንዲህ ናቸው። በ8ቱ ቀን 5 ብር 5 ብር ታስገባለች፣ 40 ብር። በቀሩት 12 ቀናት ታድራለች፣ 3 ብር 3 ብር ታከስራለች፣ 36 ብር። በ20 ቀን 4 ብር አተረፈች። ትጋገር።

391ኛዋስ? የምትሸጠው በ7 ቀን ነው፣ 35 ብር። በ13 ቀን ታድራለች፣ 39 ብር። 4 ብር ከሰረች። አትጋገር።

ሞዴሉ በሙሉ ይኸው ነው። እያንዳንዷ ተጨማሪ ዳቦ ከቀደመችው የመሸጥ ዕድሏ ያንሳል። የሚያስገኘው ከሚያከስረው የሚያንስበት ቦታ ላይ ስትደርስ ትቆማለህ።

በትሪ ስናየው፣ በቀን የሚተርፈው ገንዘብ ከኪራይና ከደሞዝ በፊት እንዲህ ነው።

```
11 ትሪ (330 ዳቦ)   1640 ብር
12 ትሪ (360 ዳቦ)   1734 ብር
13 ትሪ (390 ዳቦ)   1760 ብር
14 ትሪ (420 ዳቦ)   1732 ብር
15 ትሪ (450 ዳቦ)   1668 ብር
16 ትሪ (480 ዳቦ)   1586 ብር
```

ከዚህ ሁለት ነገር አንብብ። አንደኛ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ ነው። ከ12 ወደ 13 ትሪ መሄድ በቀን 26 ብር ነው የጨመረው። ከ13 ወደ 14 ብታልፍ 28 ብር ታጣለህ። አንድ ትሪ መሳሳት ቤት አያፈርስም፤ ስለዚህ ግምቱ ፍጹም ካልሆነ ብለህ እንቅልፍ አትጣ። ሁለተኛ፣ "ማንም ባዶ እጁን አይመለስ" ብሎ 16 ትሪ መጋገር ከ13 ትሪ ጋር ሲነጻጸር በቀን 174 ብር ያስከፍላል። ከላይ ቃል የገባሁት ዋጋ ይህ ነው።

ደንበኛው ዳግም ባይመጣስ?

ይህን የጠየቀችኝ እህቴ ናት፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ማዶ የተሻገረው ልጅ ነገም እዚያው ቢሄድስ? ዳቦ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ወተትም ይገዛ ከነበረስ? ያኔ የማነስ ጉዳቱ ከ5 ብር ይበልጣል።

ቁጥር ስጠው። ለእያንዳንዱ ያመለጠ ዳቦ 1 ብር እንጨምር ብለን 6 አደረግነው። 6 ለ9 ሲካፈል 0.667፣ 14ኛው ቁጥር፣ 395። አምስት ዳቦ ብቻ ጨመረ። በተቃራኒው ደግሞ ትንሿ ዳቦ ስታልቅ ትልቋን የሚገዛ ሰው ካለ አላመለጠህም፤ የማነስ ጉዳቱ ይቀንሳል። ስለ ደንበኛ መቅረት ያለህ ፍርሃት ትክክለኛ ብሩን ባታውቀውም፣ በሁለት የተለያየ ግምት አስልተህ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ተመልከት። ብዙ ጊዜ ከፈራነው ያነሰ ነው።

ዱቄት ሲወደድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወጪው ከ5 ወደ 6 ብር ወጥቶ መሸጫው 10 ላይ ቢቆይ የማነስ ጉዳቱ 4፣ የመትረፍ ጉዳቱም 4 ይሆናል። የሚዛን ቁጥሩ 0.5፤ 10ኛው ቁጥር፣ 370። ከ390 ወደ 370። ገዢው ሳይቀንስ አንተ መቀነስ አለብህ ማለት ነው። የዱቄት ዋጋ በተቀየረ ቁጥር ደረጃ 1ን ደግመህ ሥራ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የመሸጫ ዋጋህን ከቀየርክ ግን ፍላጎቱም ስለሚቀየር የቆየውን የ20 ቀን ዝርዝር አትመነው፤ አዲስ ቁጠር።

የሚፈትነው ቀን

13 ትሪ በጀመርን በመጀመሪያው ሳምንት ገበያው የሞተበት ቀን መጣ። 310 ተሸጦ 80 ዳቦ አደረ። 240 ብር። እህቴ ደወለችልኝ። "አየህ? 12 ይበቃን ነበር!"

ይህ ቀን ለማንም ይመጣል። በ12 ትሪም ቢሆን 50 ዳቦ ያድር ነበር። በዚያ ላይ በ13 ትሪ በአማካይ በቀን 24 ዳቦ ይተርፋል፤ በ12 ትሪ 8 ነበር። ትርፉ ጨምሮ ሳለ ዓይን የሚያየው ያደረ ዳቦ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ለዚህ ነው በዓይን መመራት የማያዋጣው።

ይህ የእህቴ ብቻ ጠባይ አይደለም። በ2000 ሽዋይትዘርና ካሾን የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ሰብስበው ይህንኑ ውሳኔ ደጋግመው እንዲወስኑ አድርገዋል። ሰዎቹ ትርፉ ብዙ በሆነ ዕቃ ላይ ከሚገባው በታች፣ ትርፉ ትንሽ በሆነ ዕቃ ላይ ከሚገባው በላይ ያዝዙ ነበር። ሁለቱም ጊዜ ወደ አማካዩ ይሳባሉ። የትናንቱን ቀን እያዩ ቁጥሩን ማስተካከልም ታይቶባቸዋል። ትናንት ስለተረፈ ዛሬ መቀነስ፣ ትናንት ስላለቀ ዛሬ መጨመር። ትናንት አንድ ቀን ናት። ከ20 ቀን አንዷ።

ታዲያ ቁጥሩ መቀየር ያለበት መቼ ነው? በቀን አትፍረድ፤ በ20 ቀን ፍረድ። 390 ትክክል ከሆነ ከ20 ቀን በ8ቱ ገደማ መደርደሪያው ከመዘጊያ በፊት ባዶ ይሆናል። 6 ወይም 10 ቢሆን የተለመደ መወዛወዝ ነው። 14 ቀን ካለቀብህ ፍላጎቱ አድጓል፤ አዲስ ዝርዝር አውጣ። 2 ቀን ብቻ ካለቀብህ ሰፈሩ ውስጥ አንድ ነገር ተቀይሯል፤ አዲስ ዳቦ ቤት ተከፍቶ ይሆናል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በቀን አንዴ ለሚወስን ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ዳግም የምትጋግር ከሆነ ጠዋት የምትጋግረውን ዝቅ አድርገህ፣ እስከ 7 ሰዓት የሄደውን ዓይተህ ሁለተኛውን ትወስናለህ። ጠዋት የተሳሳትከውን ከሰዓት ማረም ስለምትችል የሚያድረውም የሚጎድለውም ይቀንሳል። የሁለተኛው ዙር ውሳኔ ግን እንደገና ይኸው ጥያቄ ነው፤ እስከ መዘጊያ ያለውን ፍላጎት ብቻ ለይተህ በዚሁ መንገድ ታሰላዋለህ።

እህቴ አሁን ግድግዳው ላይ ሁለት ነገር ለጥፋለች። አንዱ ከትንሽ ወደ ትልቅ የተደረደረው የ20 ቀን ዝርዝር ነው። ሌላው ዳቦ ሲያልቅ ሰዓቱን የምትጽፍበት ካርቶን ነው። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ካርቶኑን ሳየው ማክሰኞ ላይ "12፡40" ይላል፤ ከሥሩ ሦስት ሰረዝ። ሐሙስ ላይ ምንም የለም፤ 15 ዳቦ ተርፎ ነበር። ሠራተኛው "እትዬ፣ ለነገ ስንት ትሪ?" ሲላት ካርቶኑን አላየችም። "13" አለችው።